4500 ግራፍት ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን አሉ? 29 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከ23 ዓመቴ ጀምሮ የፊት ፀጉሬ እየሸሸ መጣ፤ አሁን አናቴም ሳስቷል። አባቴም አጎቶቼም ራሰ በራ ናቸው። ኢስታንቡል ላለ የፀጉር ንቅለ ተከላ ክሊኒክ በዋትስአፕ ፎቶ ልኬ ነበር። 4500 ግራፍት በአንድ ቀን እንተክልልሃለን፣ ፀጉርህ እንደ ድሮው ይሆናል አሉኝ። በሦስተኛው ቀን እመለሳለሁ። ለመሆኑ ለእኔ ይሆናል? ምን ዓይነት ፀጉር ልጠብቅ? ስመለስስ ጭንቅላቴን እንዴት ነው የምይዘው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልሴን ከግንባርህ ሳይሆን ከጭንቅላትህ ኋላ ልጀምር። የላክህላቸው ፎቶ የግንባርህና የአናትህ ሳይሆን አይቀርም። ሰው ሁሉ የሚያሳየው የጎደለውን ቦታ ነው። ለንቅለ ተከላ ትሆናለህ ወይስ አትሆንም የሚለውን የሚወስነው ግን ከኋላ የተረፈው ፀጉር ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በዘር የሚመጣው የወንዶች ራሰ በራነት የሚከሰተው የፊትና የአናት ፀጉር ሥሮች ዲኤችቲ የሚባለውን ሆርሞን መቋቋም ስለማይችሉ ነው። ሆርሞኑ ሥሮቹን ከዓመት ዓመት ያቀጭጫቸዋል። ፀጉሩ መጀመሪያ ይሳሳል፣ ከዚያ ያጥራል፣ በመጨረሻ ለዓይን አይታይም። ከማጅራት ከፍ ብሎ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚዞረው ፀጉር ግን ሆርሞኑን ይቋቋማል። የሰማንያ ዓመት ራሰ በራ አባት እንኳ ከኋላ ፀጉር የሚተርፈው ለዚህ ነው። ኖርማን ኦሬንትራይክ የተባለ የኒውዮርክ የቆዳ ሐኪም በ1959 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጽሑፍ የዚህ ሕክምና መሠረት ነው። ከኋላ የተወሰደ ሥር ግንባር ላይ ቢተከልም የኋላ ጠባዩን ይዞ ይቆያል።

እንግዲህ ንቅለ ተከላ አዲስ ፀጉር አይፈጥርም። ያለውን ከቦታ ቦታ ያዛውራል። ከኋላ የተነቀለ ሥር እዚያው ተመልሶ አይበቅልም። ችግኝ ከመደብ አንስቶ ማሳ ላይ እንደ መትከል ነው፤ መደቡ ላይ ያለው ካለቀ አለቀ። ስለዚህ ያቺን 4500 የምትል ቁጥር ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው መደቡ ስንት ችግኝ አለው ብዬ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። ትክክለኛው ልኬት በአካል ተቀምጠህ፣ የኋላ ፀጉርህ አጥሮ፣ በአጉሊ መሣሪያ የሚቆጠር ነው። አሁን የምሰጥህ እንደ አንተ ዓይነት ሰው ሲመጣ መጀመሪያ በጭንቅላቴ የማሰላውን ግምት ነው። ግራፍት የምንለው አንድ የሥር ቡድን ነው። ከአንድ ቀዳዳ አብረው የሚወጡ ከ1 እስከ 4 ፀጉሮች ይይዛል። ሆርሞኑን የሚቋቋመው የኋላ ክልል ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 6 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። 180 ካሬ ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ፀጉሩ ከርዳዳ የሆነ አፍሪካዊ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 60 ገደማ ግራፍት ይኖረዋል። አውሮፓውያን ላይ ቁጥሩ ወደ 80 ይጠጋል። በ60 ብናሰላ ጠቅላላው 10,800 ነው። ከዚህ ውስጥ ኋላህ ሳይሳሳ ሊወሰድ የሚችለው፣ እኔ በምሠራበት ጥንቃቄ፣ 30 በመቶ ገደማ ነው። ይህም 3,240 ይሆናል።

ልብ በል፣ ይህ የዕድሜ ልክህ ድርሻ ነው። የአንድ ቀን አይደለም። 4500 ቢወስዱልህ ከኋላ ካለህ ፀጉር ከ40 በመቶ በላይ ሄደ ማለት ነው። ፀጉርህን ስታሳጥር ኋላህ ብል የበላው ሹራብ ይመስላል። እንዲህ ሆኖ የመጣ ልጅ አክሜያለሁ። ፊቱ ላይ የተተከለው ጥሩ በቅሎ ነበር። ፀጉር ቤት መግባት ግን አቁሟል፤ ኋላውን ለማንም ማሳየት አይፈልግም። ይህን ለማስተካከል የሚወሰድ ሌላ ፀጉር ስለሌለ ልረዳው የቻልኩት በጥቂቱ ነው። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ ቦታ ግራፍት እየተባለ የሚቆጠረው ፀጉር ነው። 2000 ግራፍት 4500 ገደማ ፀጉር ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ የሥር ቡድን ነው ወይስ የፀጉር ብለህ በግልጽ ጠይቃቸው። መልሱ ከተድበሰበሰ ቁጥሩም ክሊኒኩም አያስተማምኑም።

አሁን ወደ ግራፍቱ ወጪ እንሂድ። የፊተኛው ክፍል፣ ማለትም ከግንባር መስመር እስከ ጭንቅላት መሐል፣ 12 በ6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 72 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። በካሬ ሴንቲ ሜትር 35 ግራፍት ቢተከል 2,520 ይፈጃል። ከ3,240 ላይ ሲቀነስ 720 ይተርፍሃል። የአናትህ ክብ 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ያቺ 720 በካሬ ሴንቲ ሜትር 12 ብቻ ትደርሳለች። ለዓይን ብዙም ለውጥ የላትም። ለዚህ ነው በአንተ ዕድሜ ፊትን ሠርተን አናትን የምንተወው። ፊት ላይ ያለ ፀጉር የፊትን ቅርጽ ይይዛል፤ ሰውም አንተን የሚያየው ከፊት ነው። አናት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ዙሪያው ወደ ውጭ እየሰፋ መሳሳቱን ይቀጥላል። ዛሬ መሐሉ ላይ ብንተክል ከአሥር ዓመት በኋላ የተተከለው ብቻውን ባዶ ሜዳ መሐል ደሴት ሆኖ ይቀራል።

«እንደ ድሮው ይሆናል» ያሉህም በዚሁ ስሌት ይመለሳል። ድሮ በካሬ ሴንቲ ሜትር 60 የነበረው ቦታ 35 አገኘ። ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። ደስ የሚለው ነገር፣ የሰው ዓይን ፀጉር ሳሳ ብሎ የሚያስተውለው ግማሽ ያህሉ ከሄደ በኋላ ነው። ስለዚህ 35 ለዓይን ሙሉ መስሎ ሊታይ ይችላል። የእኛ ፀጉር ደግሞ የሚያግዝ ጠባይ አለው። የተጠቀለለ ፀጉር ከሉጫ ይልቅ ቦታ ይሸፍናል፤ ጥቁር ፀጉር በጠቆረ ቆዳ ላይ ሲሆን ደግሞ ክፍተቱ አይጎላም። ቢሆንም ፀጉርህ ሲረጥብ፣ ወይም የሚያበራ መብራት ከላይ ሲወርድብህ ቆዳህ ይታያል። ይህን ከአሁኑ አውቀህ ግባ።

ያው የተጠቀለለ ፀጉር ለሚነቅለው ሰው ግን ፈተና ነው። ከቆዳ በላይ የሚታየው ጥምዝ ከቆዳ ሥርም ይቀጥላል። አሁን በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ኤፍ ዩ ኢ ይባላል። ወርዷ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ በማትሞላ ክብ መቅጃ እያንዳንዱ ሥር ዙሪያውን ተቆርጦ ይወጣል። መሣሪያዋ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፣ ሥሩ ግን ይጎብጣል። ያልለመደ እጅ ሥሩን ወገቡ ላይ ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ሥር ብዙውን ጊዜ አይበቅልም፤ አንተ ግን ከመደብህ ቀንሶብሃል። ከሉጫ ፀጉር ጋር ብቻ የሠራ ቡድን ከርዳዳ ፀጉር ላይ ብዙ ሥር ሊያባክን ይችላል። የእኛ አገር ሰው ፀጉር ከለስላሳ እስከ ድርቅ ያለ ከርዳዳ ብዙ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ያንተን ሳያዩ ማንም መናገር አይችልም። መፍትሔው ሙከራ ነው። ከዋናው ሥራ በፊት ከኋላ 50 ያህል ግራፍት ይነቀልና ስንቱ እንደተቆረጠ በአጉሊ መሣሪያ ይቆጠራል። ከ50ው 3 ወይም 4 ቢቆረጥ እቀጥላለሁ። 15 ከተቆረጠ መሣሪያና አነቃቀል እለውጣለሁ፤ ካልተስተካከለም አቆማለሁ። «ከርዳዳ ፀጉር ላይ የሠራችሁትን፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የተነሣ፣ ኋላውም የሚታይ ፎቶ አሳዩኝ» ብለህ ጠይቅ። ማን እንደሚነቅል፣ የሚተከልበትን ቆዳ ማን እንደሚሰነጥቅም ጠይቅ። ሐኪሙ መስመር አስምሮ ከወጣ በኋላ ሙሉውን ሥራ ፈቃድ የሌላቸው ሠራተኞች የሚሠሩባቸው ቦታዎች አሉ። የዘርፉ ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ማኅበር በዚህ ላይ ሰፊ ዘመቻ እስከ መክፈት ደርሷል። ኢስታንቡል ውስጥ በጣም ጎበዝ ሐኪሞች አሉ። ችግሩ ከተማው ሳይሆን ማን እንደሚነካህ ሳታውቅ መሄድህ ነው።

አሁን ለአንተ ይሆናል ወይ ወደሚለው ልምጣ። በ29 ዓመትህ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ፊትም አናትም ከሄደ፣ አባትህና አጎቶችህም እንዲያ ከሆኑ፣ መሸሹ ገና አላበቃም ማለት ነው። ዛሬ ፊትህን ብንተክል ከተተከለው ኋላ ያለው የራስህ ፀጉር መርገፉን ይቀጥላል። ከአምስት ዓመት በኋላ ፊት ላይ አጥር፣ ከአጥሩ ኋላ ገላጣ ሜዳ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ የምፈልገው መሸሹን ማስቆም ነው። ለዚህ ሁለት መድኃኒቶች አሉ። አንዱ ቆዳ ላይ የሚቀባው 5 በመቶ ሚኖክሲዲል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ፀጉር ያራግፋል፤ በዚያ ደንግጠው የሚያቆሙት ብዙ ናቸው። ሁለተኛው በአፍ የሚወሰደው 1 ሚሊ ግራም ፊናስትራይድ ነው። ዲኤችቲን ይቀንሳል። ጥቂት ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎት መቀነስና የስሜት መጨለም ሊያመጣ ስለሚችል ከሐኪም ጋር ተነጋግረህ እንጂ ከፋርማሲ ዝም ብለህ አትግዛው። ሁለቱም የሚሠሩት እስከወሰድካቸው ድረስ ነው። ዓመት ያህል ተጠቀምና መሸሹ መቆሙን በፎቶ እናረጋግጥ። ያኔ 30 ዓመትህ ነው፤ ምንም አላመለጠህም። የኋላ ፀጉርህም ሳስቶ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንደዚያ ያለ ሰው ላይ ንቅለ ተከላ አልሠራም፤ የተተከለውም ይሄዳልና።

ፎቶ ብቻ አይቶ የሚወስን ሰው የሚያልፈው አንድ ሌላ ነገር አለ። ፀጉር ቤት በማሽን ወይም በምላጭ ከተቆረጥክ በኋላ ማጅራትህ ላይ ጠጣር ሽፍታ ይወጣብሃል? እየቆየስ ወፍራም ጠባሳ ይሆናል? ይህ እኛ ዘንድ ብዙ ወንዶች ላይ አየዋለሁ። ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ ሳይታከም እዚያ አካባቢ በሺዎች የሚቆጠር ቀዳዳ መክፈት ያባብሰዋል። ደረትህ ላይ፣ ጆሮህ ላይ ወይም የክትባት ቦታህ ላይ ከቁስሉ በላይ አብጦ የቀረ ጠባሳ ካለህም ለሐኪሙ ተናገር። እንደ ሳንቲም ክብ እየሆነ የሚረግፈው፣ ብዙ ሰው ላሽ የሚለውም፣ በንቅለ ተከላ አይድንም። እግረ መንገዴን ለእህቶች፦ በጠበቀ ሹሩባ የሸሸ የፊት ፀጉር ሊተከል ይችላል፤ ግን ሹሩባው ከቆመና ቦታው ቢያንስ ዓመት ያህል ካልተለወጠ በኋላ ነው።

ከተሠራልህ በኋላ ስላለው ጊዜ በአንድ ታካሚዬ በኩል ብነግርህ ይሻላል። 36 ዓመቱ ነው፤ መድኃኒቱን ሁለት ዓመት ተጠቅሞ 2,300 ግራፍት ፊቱ ላይ ተተከለለት።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የተተከለው ሥር የያዘው ነገር ቢኖር የረጋ ደም ብቻ ነው። የራሱ የደም ሥር ገና አልገጠመም፤ ዙሪያው ካለው ፈሳሽ ነው የሚመገበው። ስለዚህ እንዲደርቅ አይፈለግም። ታካሚዬ ነቅቶ ባለበት ሰዓት ሁሉ በየሰዓቱ ሳላይን ከሩቅ ይነፋበት ነበር። ሳላይን ፋርማሲ የሚሸጠው ንጹሕ የጨው ውሃ ነው። ሌሊት በሦስት ትራስ ከፍ ብሎ በጀርባው ተኛ። ሳምንት ያህል እንዲህ ነው የተኛው፤ አልመቸውም ነበር፣ ግን ጠቅሞታል። ሕመሙ ቀላል ነው፤ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ሐኪም ካላዘዘ አይወሰዱም፤ መድማት ያበዛሉ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ደወለልኝ። ግንባሩ አብጦ ዓይኑ ሊጨፈን ደርሷል። ደንግጧል። ይህ የተለመደ ነው። በማደንዘዣው ጊዜ የተወጋው ፈሳሽ በስበት ወደ ታች ሲወርድ ነው። ከቅንድብ በላይ ባለው ቆዳ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ያዝ አልኩት፤ የተተከለው ላይ ግን በፍጹም። በስድስተኛው ቀን ጎደለ። አንተ በሦስተኛው ቀን የምትበር ከሆነ ይህ እብጠት አውሮፕላን ላይ ወይም ቦሌ ስትደርስ ሊያገኝህ ይችላል። ከአምስት ሰዓት በላይ መቀመጥ ስላለ አንገት ላይ የሚታሰር ትራስ ያዝ፤ ኋላህ ወንበሩን እንዳይፈትግ። ከላይ ያለውን የሻንጣ ሣጥንም ተጠንቀቅ። ከቻልክ አምስት ቀን ቆይ። ካልሆነም የመጀመሪያውን እጥበት እነሱ እያሠሩህ ሳትማር አትምጣ።

እጥበቱ በ48 ሰዓት አካባቢ ይጀመራል። ብዙ ሰው ፈርቶ አይታጠብም፤ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ካልታጠበ ደምና ፈሳሹ ይደርቅና ወፍራም ቅርፊት ይሆናል። ቅርፊቱ ሥሩን አቅፎ ይይዛል። ከስድስተኛው ቀን በኋላ ፀጉሩ ብቻ ቢሳብ ሥሩ አብሮ አይወጣም። ቅርፊት ተፈልቅቆ ሲነሣ ግን እስከ ስምንተኛው ቀን ድረስ ሥሩን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሥራው ቅርፊቱ እንዳይወፍር ማድረግ ነው።

አስተጣጠቡ እንዲህ ነው። ክሊኒኩ የሰጠህን ማለስለሻ ፎም ወይም ሎሽን የተተከለው ላይ ሳትፈትግ ታደርጋለህ። ሃያ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለህ። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ በጆግ ቀስ እያልክ ታፈሳለህ፤ የሻወር ግፊት አይሆንም። ቀለል ያለ የሕፃናት ሻምፑ እጅህ ላይ አረፋ ታደርግና አረፋውን በመዳፍህ ጫን፣ ነሣ ብቻ። መፈተግ የለም፣ በጥፍር መንካት የለም። በጆግ ታለቀልቃለህ። ኋላህን በንጹሕ ሶፍት ታደርቃለህ፤ የተተከለው በአየር ይደርቃል። ውሃ በየተራ የሚመጣበት ሰፈር ከሆንክ ደግሞ አፍልተህ ያቀዘቀዝከውን ውሃ በንጹሕ ዕቃ አስቀምጥ። ታንከር ውስጥ የቆየ ውሃ በአዲስ ቁስል ላይ አታፍስስ። በየቀኑ አንድ ጊዜ እንዲህ ይታጠባል። ከአሥረኛው ቀን ጀምሮ በደንብ ካለሰለስክ በኋላ በጣትህ ለስላሳ ሥጋ ክብ ክብ እያደረግክ ታሻለህ። ቅርፊቱ በ14ኛው ቀን ገደማ ተጠርጎ ያልቃል። አጫጭር ፀጉሮች አብረው ሲወጡ አትደንግጥ። የምትደነግጠው ደም ከመጣ ነው። ሥር የወጣበት ቀዳዳ ይደማል፤ ፀጉር ብቻ የረገፈበት አይደማም።

በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ሰው የማያስባቸው ጉዳቶች ከየቀኑ ኑሮ ይመጣሉ። የሚኒባስ ታክሲ በር ዝቅተኛ ነው፤ ሲገባ ጭንቅላቱን ገጭቶ ስድስት ሰባት ግራፍት ያጣ ሰው አውቃለሁ። ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ልበስ፤ በአንገት የሚጠለቅ ልብስ ይጎትታል። ጎንበስ ማለትና ስግደት የመጀመሪያውን ሳምንት ይቅር፤ ግንባርህ መሬት እንዲነካ ደግሞ ሁለት ሳምንት ጠብቅ። ክርስቲያን ከሆንክ ሰሙነ ሕማማት እንዳይገጥምህ፣ ሙስሊም ከሆንክ ረመዳን እንዳይገጥምህ ቀኑን አስቀድመህ ምረጥ። ቁጭ ብሎ መስገድ እንደሚቻል የሃይማኖት አባቶችን ጠይቀው የመጡ ታካሚዎች አሉኝ። እናትህ ወይም እህትህ ቅቤ ልቀባህ ካለች በፍቅር እምቢ በላት። ያልተጣራ ቅቤ በተከፈተ ቀዳዳ ላይ ተህዋስ ማስገቢያ ነው። ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይለፍ። ሲጋራ ከሁለት ሳምንት በፊትና ከሁለት ሳምንት በኋላ ይቁም፤ የደም ሥሮችን ያጠባል፣ ሥሩ ይራባል። ጫት የምትቅም ከሆነም አትደብቅ። የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፤ ማደንዘዣው ውስጥ ደግሞ አድሬናሊን አለ። ጂምና ክብደት ማንሳት ለአንድ ወር ይቅር፤ በእግር መሄድ ግን ይቻላል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ትበረታለች። ከአሥር ቀን በኋላ ላላ ያለ ኮፍያ፣ ከዚያ በፊት ጥላ ያዝ።

በአምስተኛው ሳምንት ታካሚዬ ክሊኒክ መጣ። አልደወለም፣ ራሱ መጣ። የተተከለው ፀጉር ሁሉ ረግፎ ነበር። «ገንዘቤ ውሃ በላው» አለኝ። ይህን አስቀድሜ ነግሬው ነበር፤ ሆኖም ሲያዩት ያስደነግጣል። ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ድረስ የተተከለው ፀጉር አብዛኛው ይረግፋል። ሥሩ ግን ከቆዳ ሥር ነው፤ ማረፉ ነው። በአራተኛው ወር ቀጫጭን ፀጉር ብቅ ማለት ጀመረ። በስድስተኛው ወር ግማሽ ያህሉን አየ። ሙሉ ውጤቱን ያየነው በ12ኛው ወር ነው። በመሐሉ ጥቃቅን ብጉር ወጥቶበት ነበር፤ አዲሱ ፀጉር ቆዳውን ሰብሮ ሲወጣ ይከሰታል። እንዳይጨምቀው ነግሬው በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ጠፋ።

አሁን የማያስጠብቁትን ልንገርህ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የተተከለው ቦታ መሐል ላይ ቆዳው ግራጫ ወይም ከዙሪያው ይበልጥ የጠቆረ ሆኖ ካየህ፣ ሕመሙም ከበረታ፣ ደም ወደ ቆዳው እየደረሰ አይደለም ማለት ሊሆን ይችላል። በጣም አጥብቆ ከተተከለ፣ ወይም ታካሚው አጫሽ ከሆነ ይመጣል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ቀይ ምልክት ስለማይጎላ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ደግሞ ሕመሙ በመቀነስ ፋንታ ከጨመረ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለ፣ ካተኮሰህ መርቅዟል። በሁለቱም የዋትስአፕ መልስ አትጠብቅ። በዚያኑ ቀን የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ለዚህ ነው ከመሄድህ በፊት እዚህ የሚያይህ ሐኪም ይኑርህ የምለው። እዚያ የሠሩልህ ሰዎች ቁስልህን በእጃቸው ሊያዩት አይችሉም።

ለክሊኒኩ ቀብድ ከከፈልክ ቀኑን እንዲያራዝሙልህ ጠይቅ። ካልከፈልክ አትክፈል። በዚህ ሳምንት ፀጉርህን ከኋላና ከጎን አሳጥረህ፣ አርጥበህ፣ በቀን ብርሃን ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚያሳይ ሦስት ፎቶ አንሣ። ማጅራትህ ላይ ሽፍታ ካለ እሱም ይታይ። የአባትህና የአጎቶችህን ኋላም ተመልከት፤ የእነሱ ዛሬ ያንተን ነገ ሊጠቁም ይችላል። እነዚህን ይዘህ አንድ የቆዳ ሐኪም በአካል አማክር፤ መደብህ ስንት ችግኝ እንዳለው በመሣሪያ ይቁጠርልህ። ቁጥሩን ስታገኝ ጻፍልኝ፤ ከላይ ያለውን ስሌት በራስህ ልኬት እንደገና እንሠራዋለን።